ቀዩ አይለቅም

የሺሀረግ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ነጭ አድርጋ ትታው የሄደችው ሳፋ ሮዝ ሆኖ ጠበቃት።

መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ባልዲውን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየች። ከማለዳ ጀምሮ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ የዘፈዘፈቻቸው አሥራ ሁለት ነጠላዎች፣ አንድም ሳይቀር፣ ሮዝ ሆነዋል። በመሐላቸው የቀበሌው ቀይ ባንዲራ መዶሻና ማጭዱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ገንዳ ውስጥ ገብቶ እንደሚታጠብ ሹም ተንደላቅቆ ተንሳፍፏል።

«ወይኔ እጄን!» አለች።

ሌላው ሰው ሲደነግጥ ልጄን ይላል፣ ቤቴን ይላል። የሺሀረግ ልጅ የላትም፤ ቤቱም የቀበሌ ነው። የራሷ የምትለው እጇን ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ጉለሌ ውስጥ ልብስ አጥባ ስትኖር፣ ከሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ጋቢ እስከ ጳውሎስ ሰፈር ነርሶች ጋውን ድረስ በእጇ ሲያልፍ፣ አንድ ሰው እንኳ «የሺ አበላሸችብኝ» ብሎ አያውቅም። አሁን ግን ጳጉሜ ሁለት ነው፣ ቀኑ ዓርብ ነው። ነጠላዎቹ ደግሞ የቀበሌው የኪነት ቡድን ሴቶች በመጪው ረቡዕ፣ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ላይ ለብሰዋቸው የሚወጡ ናቸው።

ጥፋቱን ማን እንደሠራው ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለጋትም። ጠዋት መዝገቡ መጥቶ ነበር። መዝገቡ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የክርስትና ልብሱን ያጠበችለት እሷ ናት። ልጅ ሳለ «እትዬ የሺ» እያለ ቀሚሷን ይዞ ይዞር ነበር። ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ግን እትዬ የሚለውን ቃል ምላሱ ረስታዋለች።

«ጓዲት የሺሀረግ፣ ይሄም አብሮ ይታጠብ» አላት፣ በጋዜጣ የጠቀለለውን ባንዲራ ፈትቶ እያሳያት።

«አብሮ አይታጠብም። አግዳሚው ላይ አስቀምጠውና መጨረሻ ላይ ለብቻው አጥበዋለሁ።»

«መጨረሻ ላይ? ቀዩን መጨረሻ ላይ?»

«አዎ፣ ቀዩን። ይለቃላ!»

መዝገቡ ቀና ብሎ ደረቱን ነፋ። ፊቱ አንዲት ሴት ብቻ ቆማ፣ ሺህ ሰው የቆመ ነው የመሰለው። «የአብዮቱ ቀይ አይለቅም!» አለ።

«አብዮቱን አላውቅም፤ ጨርቁን ግን አውቃለሁ» አለችውና ባልዲዋን ይዛ ወደ ቦኖ ወጣች። ወረፋው ረጅም ነበር። እሷ ተራ ስትጠብቅ እሱ ቀይን የማስቀደም ግዴታውን ተወጥቶ ሄደ።

ለቅሶ ቢያዋጣ ኖሮ ታለቅስ ነበር። የተነከረ ልብስ ፊት ቆሞ ማልቀስ ግን ለቀለሙ ጊዜ መስጠት ነው። ባንዲራውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አወጣችና ለብቻው ባልዲ ውስጥ ጣለችው። ሮዙን ውሃ ደፋች። ነጠላዎቹን አንድ በአንድ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበች፣ ደፋች፣ ደግማ አጠበች፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አራት ጊዜ ቦኖ ተመላለሰች። ነጠላ ስስ ነውና አልጠመዘዘችውም፤ በመዳፏ እየጫነች ብቻ አንጠፈጠፈችው።

ጎረቤቷ አፀደ በአጥሩ ቀዳዳ ጭንቅላቷን አስገብታ ስታይ ቆይታ፣ «እቴ፣ ፀሐይ ብቅ ሳትል አትቀርም፣ አስጪውና ይድረቅ፤ ምናልባት ይገረጣል» አለቻት።

«እንዲደርቅማ አልፈልግም! ከደረቀ ቀለሙ ያዘ ማለት ነው። ካውያ ከነካው ደግሞ ጨርሶ ተቀበረ። እስኪነጣ ድረስ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።»

ቀጥላ አዲስ የሳሙና ውሃ አዘጋጅታ እንደገና ዘፈዘፈቻቸው። ከሰዓት በኋላ ስታወጣቸው ሮዙ ሳስቶ ነበር፤ አልጠፋም ግን። ሩቅ ላለ ሰው ነጭ ይመስላል። የሺሀረግ ግን ሩቅ ላለ ሰው አጥባ አታውቅም።

መዝገቡ የተመለሰው በዚህ ሰዓት ነው። ሳፋውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ደንግጧል፤ የሺሀረግም መደንገጡን አየች። «ወይ ጥፋቴ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ፣ ሻይም ባፈላችለት። እሱ ግን ድንጋጤውን ዋጥ አደረገና ድምፁን አወፈረ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«እኔ? ባንዲራውን ማን ነከረው?»

«ባንዲራው አይለቅም። ይሄ… ይሄ ከጥለቱ የለቀቀ ነው!»

የሺሀረግ የአንዱን ነጠላ ጫፍ አንስታ ዓይኑ ሥር ዘረጋችለት። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ፣ የቀይ ክር ዘር የለበትም። «ከአረንጓዴ ጥለት ነው ሮዝ የወጣው? በል ለሸማኔዎቹ ንገራቸው፣ ቀይ ክር መግዛት ይተዉ!»

መዝገቡ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ጻፈ፣ ጻፈና ዘረጋላት። ግለ ሂስ ነው ይላል። እኔ ጓዲት የሺሀረግ፣ የኪነት ቡድኑን አልባሳት በቸልተኝነት በማበላሸት የጠላት አሻጥር መሣሪያ ሆኛለሁ፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት እጠየቃለሁ። ከታች የፊርማ ቦታ አለ።

«እሑድ ጠዋት ስብሰባ ላይ ፈርመሽ ታነቢዋለሽ» አለ። «አለዚያ ነገሩ ከእኔ እጅ ይወጣል።»

አሻጥር የምትለዋ ቃል እንደ ዋዛ የምትታይ አልነበረችም። ከስም ጋር ከተጻፈች በኋላ ቤት ታስለቅቃለች፣ ታሳስራለች፤ ወስዳ ያልመለሰችውንም ሰው የሺሀረግ ታውቃለች። እሱ ከሄደ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፈራች። አለመፍራቷን ለማንም አልተናገረችም፤ እኔም አልናገርላትም።

አፀደ በሩን ገፍታ ገባች። «ፈርሚና ገላግዪን» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ፊርማ ነው፣ ምን አለው? ማንም እየፈረመ አይደል? እኔስ ስንቱን ፈርሜያለሁ።»

«እሱ ሲፈርም እኔም እፈርማለሁ።»

«አብደሻል!»

«እጄ አላበላሸም፣ አፀደ። ያላበላሸ እጅ አበላሸሁ ብሎ አይጽፍም።» ይህን ከተናገረች በኋላ ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ንዴቷ ግን በለጠው።

በማግስቱ ቅዳሜ ሩፋኤል ነበር። የጳጉሜ ሦስት ዝናብ የተባረከ ነው ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ የሺሀረግ ከበሩ ኋላ የደበቀችውን የበረኪና ጠርሙስ አወጣች። «ቅዱስ ሩፋኤል፣ በበዓልህ ሠራሁብህ፣ ይቅር በለኝ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

በረኪና ደፋር ነው፤ ጥጥን ያነጣል፣ ሲበዛ ደግሞ ይበላል። ለዚያ ነው ሰነፍ አጣቢ በቀጥታ ልብሱ ላይ አፍስሶ ቀዳዳ የሚታቀፈው። እሷ መጀመሪያ ሳፋውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞላች፤ ከዚያ በረኪናውን በትንሹ ጨምራ በእንጨት አማሰለች። ጥለቱ ነበር ዋናው ጭንቀቷ። በረኪና ነጩን አንጥቶ አረንጓዴውን የሚምር ዓይን የለውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ነጠላ ሁለቱንም የጥለት ጫፍ አንድ ላይ ሰብስባ በፌስታል ጠቀለለች፣ ሥሩን በሲባጎ ጥብቅ አድርጋ አሰረች፤ ሳፋው ላይ ባጋደመችው ዱላ ላይ እያንጠለጠለች መሐሉን ብቻ ወደ ውሃው ለቀቀች።

አፀደ ዛሬም አላስችል ብሏት መጣች። በእጇ ሁለት ሎሚ ይዛለች። «ይሄን ብትጨምሪበት ይበልጥ…»

«አርቂው! ሎሚና በረኪና ከተገናኙ የሚያፍን ጢስ ነው የሚወጣው፤ ሁለታችንንም ይፈጀናል። ይልቅ ነይ፣ ዱላውን ያዢልኝ።»

አፀደ ሎሚዎቿን ኪሷ ከትታ ዱላውን ያዘች። ደቂቃዎች አለፉ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ሮዙ ከዳር ጀምሮ መሳሳት ጀመረ፤ እያዩት ገረጣ፣ ቢጫ ቢጫ ብሎ ሄደና ነጣ። አፀደ «እልል!» ልትል አፏን ከፍታ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቅርብ መሆኑ ትዝ አላትና ዘጋችው።

የሺሀረግ በረኪናው ውስጥ አላቆየቻቸውም፤ እንደነጡ ወዲያው እያወጣች ወደ ንጹሕ ውሃ ከተተቻቸው። ጥለቱ አጠገብ ጣት የሚያህል ሮዝ መስመር ቀርቶ ነበር። እሱን በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ ይበልጥ በቀጠነ በረኪና እየነካካች ሥር ሥሩን አጠበችው። ክር በክር ነው የሠራችው፤ ወገቧ ተቆረጠ። ዝናቡ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ነጠላዎቹን አጥሩ ላይ ዘርግታ ሩፋኤል ራሱ እንዲያለቀልቅላት ተወችው፤ የበረኪናው ሽታም አብሮ ወረደ። ከሰዓት ፀሐይ ብልጭ ስትል አሥራ አንድ ነጠላ ዓይን የሚወጋ ነጭ ሆኖ አጥሩን ሞላው።

አሥራ አንድ ነው ያልኩት። አፀደ ቆጥራ ቆጥራ፣ «አንዷስ?» አለች።

አሥራ ሁለተኛዋ ጥግ ላይ በትንሽ ሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ሮዝ እንደሆነች ተቀምጣለች። «እሷ ምስክር ናት» አለች የሺሀረግ። «እንዳትደርቅ ብቻ እጠብቃታለሁ።»

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ከመድረኩ ጠረጴዛ ኋላ ሊቀ መንበሩ ጓድ ታረቀኝ ተቀምጠዋል፤ በፊት ሸማኔ ነበሩ፣ አሁንም ጣታቸው ዝም ብሎ አይቀመጥም። በቀኛቸው መዝገቡ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተኮፍሷል። ፊታቸው የውሃ ማሰሮና ብርጭቆ አለ። የሺሀረግ ከፊት ወንበር ላይ ትንሿን ሳፋ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በአንሶላ የተቋጠረውን ነጠላና በፌስታል ያለውን ባንዲራ እግሯ ሥር አስቀምጣ ተቀመጠች። አፀደ ከኋላዋ ነበረች፤ ጸሎቷ ለጎረቤት ይሰማል።

«ጓዲት የሺሀረግ ግለ ሂስ ታቀርባለች» አለ መዝገቡ።

የሺሀረግ ተነሳች። መጀመሪያ አንሶላውን ፈታች። አሥራ አንዱን ነጠላ አንድ በአንድ እየዘረጋች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ጥለታቸው አረንጓዴ፣ ገላቸው ነጭ። ቀጥላ አሥራ ሁለተኛዋን ከሳፋው አንስታ በሁለት እጇ ከፍ አደረገች። ውሃ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፤ ከነጮቹ አጠገብ ሮዝነቷ ጎላ። አዳራሹ አጉረመረመ።

«አሥራ ሁለቱም ዓርብ ዕለት ይህን ይመስሉ ነበር» አለች። «ጓድ መዝገቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአብዮቱ ቀይ ይለቃል?»

እርስዎ ያለችው አክብራ አይመስላችሁ። መዝገቡም ገብቶታል፤ ግን በሕዝብ ፊት ይህን ጥያቄ እንዴት አድርጎ ያልፈዋል? ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ወደ ላይ ወረወረ። «የአብዮቱ ቀይ መቼም አይለቅም!»

አዳራሹ እንደ ልማዱ አጨበጨበ። የሺሀረግም አጨበጨበች። ከዚያ ባንዲራውን ከፌስታሉ አወጣች፤ ከማሰሮው ብርጭቆውን ሞላች፤ የባንዲራውን ጫፍ ጠቅለል አድርጋ ውሃው ውስጥ ነከረችና ቆመች።

ውሃው ሥሩ ላይ ቀይ ክር አበጀ፤ ክሩ እየወፈረ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆው ሙሉ ቀላ። የሺሀረግ ጫፉን አውጥታ ብርጭቆውን መዝገቡ ፊት አስቀመጠች።

«ካልለቀቀ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ጓድ» አለችው። «ይጠጡት።»

ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀና ሳል አስመሰለው። ከዚያ ሳሉ ተዛመተ፤ ግማሹ አዳራሽ ጉንፋን ያዘው። መዝገቡ ብርጭቆውን ያያል፣ የሺሀረግን ያያል፤ ሸሚዙ አንገቱን ያነቀው ይመስል ኮሌታውን ይጎትታል።

ጓድ ታረቀኝ እጃቸውን ሰደው ብርጭቆውን ወሰዱ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገው አዩት። ከዚያ የባንዲራውን ጫፍ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው ቀላ። ሸማኔነታቸው ከሊቀ መንበርነታቸው ቀደመ።

«ክሩ ቀለሙን አልያዘም» አሉ ቀስ ብለው። ያሉትን ሲሰሙት ራሳቸው ደነገጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማለቴ… አብዮቱ አልለቀቀም። የለቀቀው ጨርቁ ነው። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

የእፎይታ ጭብጨባ አዳራሹን ሞላው። አፀደ ከኋላ ቀሚሷን ጎተተቻት፣ «ተቀመጪ፣ አለቀልሽ፣ ተቀመጪ!» የሺሀረግ ግን አልተቀመጠችም። እዚህ ላይ ቢያልቅ እሷ ዳነች ማለት ነው፤ እጇ ግን አልዳነም።

«ጨርቁ ለቀቀ፤ ይሁን» አለች። «ጨርቅ ግን እግር የለውም። አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፣ ለብቻው ይታጠብ ብዬ ነበር። ተነስቶ ሳፋዬ ውስጥ የገባው በራሱ ነው?»

ጓድ ታረቀኝ ወደ ቀኛቸው ዞሩ። «ጓድ መዝገቡ?»

መዝገቡ አቀረቀረ። የሚያሰማቸው መፈክሮች ሁሉ ጥለውት ሄደዋል፤ የቀረው የሰፈር ልጅ ነው። «እኔ ነኝ የነከርኩት» አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ ያ ሳል የጀመረው ሰው።

«እኔ ነኝ!»

የሺሀረግ ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «የፊርማው ቦታ ነጭ ነው» አለች ለሊቀ መንበሩ። «እኔ ነጭ አላበላሽም።» ከዚያ ሮዟን ነጠላ ወደ ሳፋዋ መልሳ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እስከ ማታ አሥራ ሁለተኛዋም ነጥታ አጥሩ ላይ ዋለች።

ባንዲራውንም አልረሳችውም። ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ሰኞ ዕለት ለመዝገቡ ስታስረክበው፣ «አሁንም እየለቀቀ ነው፣ ዝናብ አያግኘው» አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተቀብሎ ሄደ።

ረቡዕ፣ መስከረም ሁለት፣ ሰልፉ መሐል ላይ እያለ ዶፍ ወረደ። የኪነት ሴቶቹ ነጠላ ረጥቦም ነጭ ነበር። መዝገቡ ባንዲራውን ለማንም አላስነካ ብሎ በትከሻው ተሸክሞ ነበር የዘለቀው።

ሐሙስ ጠዋት የሺሀረግ በሯ ላይ ቆማ ሳለ መጣ። በጋዜጣ የጠቀለለውን በሁለት እጁ ይዟል።

«እትዬ የሺ፣ እንደምን አደሩ?»

«እትዬ» ሲላት የሰማው ጆሮዋ ሞቅ አለው። ጋዜጣውን ፈታች፤ ነጭ ሸሚዙ ነው፤ ከትከሻው እስከ ወገቡ ሮዝ ወርዶበታል። ጨርቁን በጣቷ ዳበሰችው፣ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው።

«ትናንት ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አልነከርከውም?»

«አልነከርኩትም። ላዬ ላይ ደረቀ።»

«ከዚያስ?»

«እናቴ በሙቅ ውሃ አጠበችው፤ አልሄድ ሲላት… ተኮሰችው።»

የሺሀረግ ሸሚዙን በደንብ አጣጥፋ፣ በጋዜጣው ጠቅልላ መለሰችለት። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

«እውነትህን ነበር፣ መዝገቡ» አለችው። «ቀዩ አይለቅም።»